የላውንደሪ ደንበኛ ቀጠሮ፦ ፐርሶናና የደንበኛ ጉዞ ካርታ በተግባር ሥራ

በማርኬቲንግ ማኔጅመንት የማታ ትምህርት ላይ ሳለሁ ከተሰጡን የቡድን ሥራዎች አንዱ፣ በጅማ ከተማ አንድ አገልግሎት ሰጪ ድርጅት መርጦ ቢያንስ ሁለት ፐርሶናና ለእያንዳንዳቸው አንድ የደንበኛ ጉዞ ካርታ ማዘጋጀት ነበር። ፐርሶና ከእውነተኛ ደንበኞች በተሰበሰበ መረጃ ላይ ተመሥርቶ የሚቀረጽ፣ ስም የወጣለት ወካይ ደንበኛ ነው፤ የጉዞ ካርታው ደግሞ ያ ደንበኛ አገልግሎቱን ከፈለገበት ጊዜ ጀምሮ ጉዳዩ እስኪያልቅለት ድረስ የሚያልፍበትን መንገድ በየምዕራፉ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ነው። ከእኛ በኋላ ኮርሱን የወሰዱ ተማሪዎች እንዴት እንደሠራነው ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ አሠራራችንን በጽሑፍ ማስቀመጥ መረጥሁ። ትርጓሜውንና የሠንጠረዡን ቅርጽ ከሞጁሉ ማግኘት ስለሚቻል፣ እዚህ የማተኩረው መረጃው ከየት እንደሚመጣና ወደ ካርታ እንዴት እንደሚለወጥ ላይ ነው።

ሌሎቹ ቡድኖች ሆቴል፣ ካፌና ባንክ ሲመርጡ እኛ የመረጥነው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም የሕክምና ባለሙያዎችም የሚያዘወትሩትን አንድ መካከለኛ ላውንደሪ ነበር። ካፌ ውስጥ ደንበኛው ከገባበት እስኪወጣ ድረስ ያለው ነገር ሁሉ በዓይን ስለሚታይ ካርታው ቶሎ ይሞላል፤ ነገር ግን ከሚታየው ብዙም አያልፍም። ላውንደሪ ግን ደንበኛው ንብረቱን አስረክቦ የሚሄድበት፣ የአገልግሎቱ ዋና ክፍል እርሱ በሌለበት የሚከናወንበት ሥራ ነው። ከዚህም በላይ የትእዛዝ መዝገብ አለው፤ መዝገብ ያለው ድርጅት መምረጥ የሥራውን ግማሽ ያቀላል ብዬ አምናለሁ።

አስቀድመን የወሰንነው ካርታው የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ነው። መነሻውን ደንበኛው ልብሱን ለላውንደሪ ለመስጠት ባሰበበት ጊዜ፣ መድረሻውን ደግሞ ልብሱን በለበሰበት ጊዜ ላይ አደረግነው። ብዙ ካርታዎች ክፍያና ርክክብ ላይ ይቆማሉ፤ ሆኖም የተነቀለ ቁልፍ ወይም ያልለቀቀ የአንገት እድፍ የሚታየው ቤት ከተገባና ልብሱ ከፌስታሉ ከወጣ በኋላ ስለሆነ፣ ርክክብ ላይ የሚቆም ካርታ የቅሬታውን መነሻ ይቆርጠዋል።

መዝገቡ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ስልክ፣ የልብስ ዓይነትና ቀለም፣ ብዛት፣ ዋጋ፣ የተሰጠበት ቀን፣ የቀጠሮ ቀንና የርክክብ ፊርማ የሚሉ ዓምዶች ነበሩት። ባለቤቱን አስፈቅደን፣ ስምና ስልክ ሳንጨምር፣ የአንድ ክረምት ወር ትእዛዞችን በሙሉ ገለበጥን። መጀመሪያ የሚታሰበው ከቀጠሮው ቀን እስከ ርክክቡ ቀን ያለውን ልዩነት ቆጥሮ «መዘግየት» ብሎ መመዝገብ ነው፤ ይህ ግን አሳሳች ነው። ተማሪው ብርድ ልብሱን ከቀጠሮው ከሳምንት በኋላ ቢወስድ ላውንደሪው ስለዘገየ ሳይሆን ፈተና ላይ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከርክክቡ ቀን ይልቅ ትኩረት የሰጠነው ለተሰረዙ ቀጠሮዎች ነው። ልብስ ተቀባይዋ አንድ ደንበኛ በቀጠሮው ቀን መጥቶ ልብሱ ካልደረሰለት የቀድሞውን ቀን በአንድ መስመር ሰርዛ ከጎኑ አዲስ ቀን ትጽፋለች። እያንዳንዱ ስርዝ አንድ ሰው መጥቶ ባዶ እጁን ለመመለሱ ማስረጃ ነው። ማንም ለእኛ ብሎ ያልጻፈው ይህ ምልክት ከማናቸውም መጠይቅ የተሻለ መረጃ ሰጥቶናል።

ቃለ መጠይቁ የራሱ ችግር ነበረው። ደንበኛን በላውንደሪው ደጃፍ አስቁሞ «አገልግሎቱን እንዴት ያዩታል?» ብሎ መጠየቅ አንድ መልስ ብቻ ያስገኛል፤ «ምንም አይልም፣ ጥሩ ናቸው» የሚል ነው። ይሉኝታ አለ፤ ተቀባይዋ እየሰማች ማን ደፍሮ ያማርራል? ስለዚህ ቃለ መጠይቁን ከግቢው ውጭ፣ ብዙ ጊዜም ቡና እየጠጣን አደረግን፤ ጥያቄውንም ከአስተያየት ወደ ድርጊት ለወጥን። «ለመጨረሻ ጊዜ ልብስ የሰጡበትን ቀን ከጠዋቱ ጀምረው ይንገሩኝ» ብለን እንጀምርና «ከዚያስ ምን አደረጉ?» እያልን እንከተላለን። «ችግር አለ ወይ?» ተብላ ስትጠየቅ «የለም» ያለችን አንዲት ነርስ፣ ያንን ቀን ስትተርክ ግን ለአዳር ተረኝነት ከባልደረባዋ ጋዋን ተውሳ መግባቷን እንደ ተራ ነገር ጠቀሰችው። የተዋሰችው ጋዋን በካርታችን ላይ ከሰፈሩት ነገሮች ሁሉ ጠንካራው ማስረጃ ሆነ።

በጅማ ሌላው ልብ ሊባል የሚገባው የቋንቋ ጉዳይ ነው። ከደንበኞቹ ገሚሱ በአፋን ኦሮሞ ቢናገር ይቀናዋል፤ ከቡድናችን አንዷ ቋንቋውን አጥርታ ስለምትናገር እነዚህን ቃለ መጠይቆች እርሷ መራች። ማስታወሻውን ግን ወዲያው ወደ አማርኛ አልመለስነውም፤ የተናገሩትን በተናገሩበት ቋንቋ ጽፈን ትርጉሙን ከሥሩ አስቀመጥን። በካርታው ላይ «የሚያስበው» በሚለው ረድፍ የሚገባው የደንበኛው የራሱ አነጋገር እንጂ የእኛ ማጠቃለያ እንዳይሆን ይህ ጠቅሞናል።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ድርጊትና አባባል በትንሽ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፈን፣ በወረቀቱ ጥግ ከየትኛው ቃለ መጠይቅ ወይም ከመዝገቡ የትኛው ተራ ቁጥር እንደመጣ በኮድ አመለከትን። ወረቀቶቹን መጀመሪያ በሥራ ዓይነት፣ ማለትም ተማሪ፣ የጤና ባለሙያ፣ ነጋዴ፣ ከገጠር የሚመጣ ብለን መደብናቸው። ምድቡ ግን አልጸናም። አንድ ሬስቶራንት ውስጥ የሚሠራ አስተናጋጅና አንዲት ነርስ በሥራም በዕድሜም በጾታም ቢለያዩም የሚያደርጉት አንድ ነው፤ ሁለቱም ሁለት የሥራ ልብስ አላቸው፣ አንዱን ለብሰው ሌላውን ይሰጣሉ፣ ሁለቱም ከቀጠሮው በፊት ይደውላሉ። በአንጻሩ ሁለት ተማሪዎች፣ አንዱ ብርድ ልብስ ሌላው የምረቃ ሱፍ ስለሰጡ፣ ጨርሶ የተለያየ ጉዞ ነበራቸው።

ስለዚህ መለያውን ቀይረን ሁለት ጥያቄዎችን ያዝን። አንደኛው፣ ልብሱ በቀኑ ባይደርስ የሚተካው ሌላ አለው ወይ? ሁለተኛው፣ ባዶ እጁን ቢመለስ ዳግመኛ መምጣት ምን ያህል ያስወጣዋል? የሚል ነው። ወረቀቶቹ በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ሲደረደሩ በግልጽ ሦስት ቦታ ተሰበሰቡ። ተተኪ የሌላቸውና ቅርብ የሆኑት አንድ ወገን፣ ተተኪ የሌላቸውና ሩቅ የሆኑት ሌላ ወገን፣ ተተኪም ጊዜም ያላቸው ደግሞ ሦስተኛ ወገን ሆኑ። የመጨረሻዎቹ፣ በአብዛኛው ብርድ ልብስና አንሶላ የሚያመጡ ተማሪዎች፣ መዘግየት ስለማይጎዳቸውና ዋናው ጥያቄያቸው ዋጋ ስለሆነ አጭር መግለጫ ብቻ ጽፈንላቸው አለፍን።

የመጀመሪያዋን ፐርሶና «ሲስተር ሐያት» አልናት። ስሙ የፈጠራ ነው፤ ቃለ መጠይቅ ካደረግንላቸው ሰዎች የማንንም ስም ለፐርሶና መስጠት አይገባም። በወረቀቷ ላይ የሰፈረው ይህን ይመስላል፦ «በፈረቃ የምትሠራ ነርስ ናት። ሁለት ነጭ ጋዋን አላት። የምትፈልገው ፍጥነት ሳይሆን የተረጋገጠ ቀን ነው፤ ዓርብ ይደርሳል ከተባለች ዓርብ መሆኑን ማወቅ ትፈልጋለች። ከቀጠሮው አንድ ቀን ቀድማ ትደውላለች። ጋዋኑ ካልደረሰ ትዋሳለች ወይም ሌሊቱን እቤቷ አጥባ በካውያ ታደርቃለች። ዋጋ ላይ አትከራከርም።» ከእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ጎን የማስረጃው ኮድ አለ። ፎቶግራፍ፣ የትርፍ ጊዜ መዝናኛ፣ የምትወደው መጠጥ አልጨመርንም። በጅማ ላይ ተቀምጦ «ቡና ትወዳለች» ብሎ መጻፍ ከማን እንደሚለያት አይገባኝም። መመዘኛችን ቀላል ነበር፤ አንዱ ዐረፍተ ነገር ቢቀየር ላውንደሪው የሚያደርገው ነገር ካልተቀየረ ዐረፍተ ነገሩ ይወጣል።

ሁለተኛውን «አቶ ተማም» አልነው፤ ከሰቃ ጨቆርሳ ለገበያ የሚመጣ፣ አንድ ሱፍ ያለው፣ ሱፉንም ለዘመድ ኒካህ የሚያሳጥብ ሰው ነው። ለእርሱ ባዶ እጅ መመለስ የመጓጓዣ ወጪና የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ከኒካሁ በኋላ የደረሰ ሱፍ ደግሞ ቢነጻም ባይነጻም ያው ነው።

ካርታውን በስድስት ምዕራፎች ከፈልነው፤ ማሰብ፣ ላውንደሪ መምረጥ፣ ማስረከብ፣ መጠበቅ፣ መረከብና መልበስ ናቸው። ወደ ታች ደግሞ ደንበኛው የሚያደርገው፣ የሚያገኘው ሰው ወይም ዕቃ፣ የሚያስበው፣ ስሜቱ፣ ከመጋረጃው በስተጀርባ የሚሠራው እና ማስረጃ የሚሉ ረድፎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የማርኬቲንግ ባለሙያዋ ሊን ሾስታክ ባስተዋወቀችው የአገልግሎት ንድፍ ውስጥ ደንበኛው የሚያየውን ከማያየው የሚለይ የዕይታ መስመር አለ፤ እኛም ያንን መስመር ከስሜቱ ረድፍ ሥር አሰመርን። ይህን ማድረግ በመመሪያው አልተጠየቅንም ነበር። ያለ እርሱ ግን ካርታው ደንበኛው የት እንደተከፋ ይነግራል እንጂ ለምን እንደተከፋ አይነግርም።

የስሜቱን ረድፍ በግምት መሙላት ቀላል ስለሆነ አንድ ደንብ አወጣን። ከዜሮ በታች ነጥብ የሚሰጠው ደንበኛው በድርጊት ያሳየው ነገር ካለ ብቻ ነው። መደወል ነጠላ ቅናሽ፣ ባዶ እጅ መመለስ ወይም ምትክ ልብስ መፈለግ ደግሞ ድርብ ቅናሽ ነው። በዚህ ደንብ የሲስተር ሐያት መስመር ማስረከብ ላይ ከፍ ብሎ ይቆያል፤ ተቀባይዋ ትሑትና ፈጣን ናት። ጋዋኑን ስትረከብም ንጹሕና በሚገባ የተተኮሰ ነው። መስመሩ የሚወድቀው መጠበቅ ላይ ነው፤ ከላውንደሪው ሠራተኞች ማንም እርሷን በማያይበት ጊዜ ማለት ነው። ባለቤቱ «ደንበኞቻችን ደስተኞች ናቸው» ሲለን አልዋሸም፤ ፊት ለፊት የሚያያቸው ደስ ባላቸው ሰዓት ብቻ ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ምክንያቱ። ስለ መዘግየቱ ሁሉም የሚሰጡት መልስ ዝናቡና የመብራት መጥፋት ነው፤ ጅማ ላይ ክረምቱን ላሳለፈ ሰው ደግሞ ይህ መልስ አሳማኝ ነው። ሆኖም መዝገቡን በቀለም ለይተን ስናየው፣ በአንዱ ሳምንት ውስጥ የተሰጡ ባለ ቀለም ልብሶች በአብዛኛው በቀጠሯቸው ሲወጡ፣ ስርዞቹ የተከማቹት ነጭ ልብሶች ላይ ነበር። ዝናብ ነጩንና ጥቁሩን ለይቶ አይዘንብም፤ መብራትም ሲጠፋ ለሁለቱም ይጠፋል። ስለዚህ ምክንያቱ ሌላ መሆን ነበረበት።

ፈቃድ ጠይቀን ከኋላ ያለውን ክፍል ስናይ ነገሩ ገባን። አጣቢዋ ቅርጫቶቹን በቀለም ለይታ አስቀምጣለች፤ ባለ ቀለሙ ቅርጫት በቀን ውስጥ ሞልቶ ወደ ማሽኑ ሲገባ፣ የነጩ ግን ሁለት ጋዋንና አንድ ሸሚዝ ይዞ ተቀምጧል። «ለዚህ ብቻ ማሽን አላስነሣም፤ ውኃውም ሳሙናውም ያው ነው፤ እስኪሞላ እጠብቃለሁ» አለችን። ትክክል ናት፤ ነጭ ከሌላ ጋር አይታጠብም፣ ለሦስት ልብስም ማሽን ማስነሣት ኪሳራ ነው። ከፊት ያለችው ተቀባይ ግን ይህን ሳታውቅ ለሁሉም ልብስ እኩል የሁለት ቀን ቀጠሮ ትጽፋለች። አንዱን ትእዛዝ ብንከተል፣ ጋዋኑ ሰኞ ይሰጣል፣ ለረቡዕ ይቀጠራል፣ ቅርጫቱ ረቡዕ ከሰዓት ይሞላል፣ ልብሱ ረቡዕ ማታ ይታጠባል፣ በእርጥበቱ ምክንያት ሐሙስን ሙሉ ሲደርቅ ይውላል፣ ዓርብ ጠዋት ይተኮሳል። ዝናቡ የወሰደው አንድ ቀን ነው፤ ቅርጫቱ ግን ሁለት ቀን ወስዷል። በካርታው ላይ «ረቡዕ ቀን የሐያት ጋዋን አልደረሰም» በሚለው ሣጥን ሥር፣ ከዕይታው መስመር በታች፣ «ቅርጫቱ አልሞላም» ብለን ጻፍን።

የአቶ ተማም ካርታ ሌላ ቦታ ላይ ይወድቃል። ሱፉ ባለ ቀለም ስለሆነ በቀጠሮው ይደርሳል፤ የተቸገረው መረከብ ላይ ነው። ለአንድ ሱፍ ብሎ እንደገና ከሰቃ መምጣት ስለማይፈልግ ከተማ ያለውን የእህቱን ልጅ ይልካል፤ ደረሰኙ ግን ያለው እርሱ ጋ ነው። ተቀባይዋ ያለ ደረሰኝ አልሰጥም ትላለች፤ ልብስ ለማያውቁት ሰው ሰጥቶ መክፈል ስላለ አይፈረድባትም። ልጁ ስልክ ይደውላል፣ አቶ ተማም ስልክ አያነሣም፣ ልጁ ይመለሳል። ሁለቱን ፐርሶናዎች በአንድ ካርታ ላይ አጣምረን ብንሠራ ኖሮ የሁለቱ መስመሮች ተደምረው መካከለኛ የሆነ፣ የማንንም ጉዞ የማያሳይ መስመር ይወጣ ነበር። ለእያንዳንዱ ፐርሶና የራሱ ካርታ የሚሠራው ለዚህ ነው።

ሥራውን ስናቀርብ መምህራችን በጣታቸው አንድ ሣጥን እየጠቆሙ «ይህን ከየት አመጣችሁት?» ብለው ደጋግመው ጠየቁን። ኮዶቹ ያገለገሉት እዚህ ላይ ነው፤ የቃለ መጠይቁን ማስታወሻ ወይም የመዝገቡን ተራ አውጥተን እናሳይ ነበር። ማስረጃ ያላገኘንላቸውን ሣጥኖች፣ ለምሳሌ ሐያት ላውንደሪውን መጀመሪያ እንዴት እንደመረጠች የሚለውን፣ በነጥብ መስመር ከብበን «ግምት» ብለን ምልክት አድርገንባቸዋል። ባዶ ወይም ግምት ተብሎ የተተወ ሣጥን ነጥብ አያስቀንስም፤ እንዲያውም የተጠየቅነው ስለ ተሞሉት ነበር።

ካርታው የማይሸፍናቸው ነገሮች አሉ። ያነጋገርናቸው አሁንም የሚመላለሱ ደንበኞችን ነው፤ ተማረው የቀሩት በመዝገቡ ላይ አንዴ ብቻ ታይተው ይጠፋሉ፣ የቀሩበትን ምክንያት ግን መዝገቡ አይናገርም። በትውውቅ ያገኘናቸው ጥቂቶች ነበሩ፤ ከእነርሱ ያገኘነውን በሐያት ወረቀት ላይ ሳንቀላቅል ለብቻው አስቀመጥነው። መረጃው የክረምት ስለሆነም በበጋ የማድረቂያው ቀን ያጥራል፤ የቅርጫቱ ጥበቃ ግን በበጋም ያው ነው ብለን እንጠብቃለን። ካርታውን ከማስረከባችን በፊት ለአጣቢዋና ለአንዲት ነርስ አሳይተናቸው ነበር። ነርሷ የቅርጫቱን ነገር ስትሰማ ስቃ «እኔ እኮ መብራት ነው ሲሉኝ አምኜ ነበር» አለች፤ አጣቢዋ ደግሞ ሰኞ ሁልጊዜ ነጭ እንደሚበዛ፣ ይህም ቅዳሜና እሑድ ተረኛ የነበሩት ሰኞ ስለሚያመጡ እንደሆነ ነገረችን። ይህን በመዝገቡ አመሳክረን ምክረ ሐሳባችንን በዚሁ መሠረት አስተካከልን።

ምክረ ሐሳቡ አዲስ ማሽን መግዛትን አልጨመረም። ነጭ ልብስ ቅርጫቱ ቢሞላም ባይሞላም ሰኞ ማታና ሐሙስ ማታ ይታጠብ፤ ተቀባይዋም የነጭን ቀጠሮ ከእነዚህ ቀናት ቆጥራ በክረምት ረቡዕ ወይም ቅዳሜ ብላ ትጻፍ አልን። ይህ ለማክሰኞ ደንበኛ ቀጠሮውን ያረዝማል፤ ሐያት የምትፈልገው ግን ቅርብ ቀን ሳይሆን የማይሰረዝ ቀን መሆኑን ፐርሶናው ስለሚናገር ተከራክረን አጸደቅነው። ሐሙስ ማታ ቅርጫቱ ግማሽ ሆኖ ማሽኑ መነሣቱ ወጪ እንዳለው ባለቤቱ አንሥቷል፤ መልሳችን ለመጀመሪያው ወር በግማሽ ጭነት የታጠበበትን ቀን ቁጠሩና ከስርዞቹ ቁጥር ጋር አስተያዩት የሚል ነበር። ለአቶ ተማም ደግሞ ተቀባይዋ ልብሱን ስትቀበል ሁለት ጥያቄ ትጨምራለች፦ «ለመቼ ነው የሚፈልጉት?» እና «ማን ይወስድልዎታል?» የሚሉትን። የወኪሉን ስምና ስልክ በመዝገቡ ላይ ካሰፈረች ልጁ ያለ ደረሰኝ በዚያ ስልክ ተረጋግጦ ሊረከብ ይችላል።

ለውጡ መሥራቱን ለማወቅ አዲስ መጠይቅ አያስፈልግም። ተቀባይዋ እንደ ወትሮው በመጣና ባልደረሰለት ሰው ቀጠሮ ላይ መስመር ታሠምራለች፤ ባለቤቱ በወሩ መጨረሻ የነጭ ልብሶችን ስርዞች ቆጥሮ እኛ ከገለበጥነው ወር ጋር ያነጻጽራል። የስልክ ጥሪውን ግን መዝገቡ ስለማይዘው፣ «ደረሰልኝ ወይ?» ብሎ ለደወለ ሁሉ በትእዛዙ ተራ ጎን አንድ ነጥብ እንድታኖር ጠይቀናታል።